ዘጠኙ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሲሆን

በዚህ ወር የምንነጋገረው በስልክ ስለሚላክ የማጽናኛ ካርድ ነው። ካርድ ስል ሂሳብ የምንሞላበትን ማለቴ አይደለም፤ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የምንልከውን፣ ጥቂት ቃላት የተጻፉበትን ሥዕል ማለቴ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ልካችኋል፤ ብዙዎቻችሁም ተቀብላችኋል። በሐዘናችሁ ሰሞን ከተቀበላችሁት ውስጥ ስንቱን እስከ መጨረሻው እንዳነበባችሁ ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

አንዲት እኅት እናቷ ላረፉባት የረጅም ዘመን ባልንጀራዋ መልእክት ጽፋ፣ ከካርዱ ላይ አልበቃ ቢላት አሳጥሩልኝ ብላ ላከችልን። ሁለቱ በአንድ መዘምራን ውስጥ አብረው ያገለገሉ ናቸው። ጸሐፊዋ አሁን የምትኖረው ሐዋሳ ነው፤ ሐዘንተኛዋ አዲስ አበባ ናት። በሥራ ምክንያት እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ ለቅሶ መድረስ ስላልቻለች ካርዱ ቀድሟት እንዲደርስ ፈለገች። በፈቃዷ መልእክቱን እንዳለ አቀርብላችኋለሁ፤ ስሞቹን ግን አውጥቻለሁ።

«ውድ እኅቴ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የእናትሽን ዜና ዕረፍት በሰማሁ ጊዜ እጅግ ደነገጥሁ፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። እናቴን ባጣሁ ጊዜ ምን ያህል እንደተጎዳሁ ታውቂያለሽና ስሜትሽ በሚገባ ይገባኛል። ነገር ግን ሁላችንም በዚህች ምድር እንግዶች ስለሆንን ከሞት የሚቀር የለም። እማማ ከልምምድ ስንመለስ ለእኔም አንድ ስኒ ቡና ሸፍነው ያቆዩልኝ እንደነበር መቼም አልረሳውም። እግዚአብሔር ሁሉን የሚያደርገው ለበጎ ነውና ብዙ አታልቅሺ፤ አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ለወንድሞችሽም መጽናኛ መሆን ይገባሻል። አሁን እርሳቸው ከሥቃይ ሁሉ ዐርፈው በተሻለ ስፍራ ናቸውና ደስ ሊለን ይገባል። የሚያስፈልግሽ ነገር ቢኖር ሳታፍሪ ንገሪኝ። እግዚአብሔር አንቺንና ወንድሞችሽን ያጽናችሁ።»

ዘጠኝ ዐረፍተ ነገር፣ 83 ቃላት ናቸው። በወረቀት ላይ ቢሆን ደግ ደብዳቤ ነው፤ ማንም ሰው ይህን ከልቡ የጻፈን ሰው አይነቅፍም። ችግሩ የሚመጣው ካርዱን የሚያነበው ሰው በምን ሁኔታ ላይ እንደሆነ ስናስብ ነው። በለቅሶ ቤት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሐዘንተኛው ስልክ በእጁ አይደለም። ወይ የእኅት ልጅ ይዞት ጥሪ ይቀበልበታል፣ ወይ ከፍራሹ ሥር ተረስቷል። እርሷ ስልኳን የምታየው እንግዳው ከድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፣ ዓይኗ ካበጠ በኋላ፣ ሌሊት ነው። በዚያን ሰዓት አርባና ሃምሳ መልእክት ተደርድሮ ይጠብቃታል። ረጅሙን «ነገ አነበዋለሁ» ብላ ታልፈዋለች፤ ነገ ደግሞ ሌላ አርባ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ መቁረጡ እንግባ። ብዙ ሰው መልእክት ሲያሳጥር ከመጨረሻው ይጀምራል፣ ወይም ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሁለት ሁለት ቃል ይቀንሳል። እንዲህ ከተደረገ የሚቀረው አጭር ነገር ግን ቀዝቃዛ መልእክት ነው። የሚሻለው እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ይህ የሚናገረው ስለ ማን ነው? ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ሊጽፈው ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ሰላምታ ነው፤ ካርዱ ራሱ ሰላምታ ስለሆነ ያለ ብዙ ክርክር ይወጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር የሚናገሩት ስለ ጸሐፊዋ ነው። እርሷ ደነገጠች፤ እርሷ እንቅልፍ አጣች፤ እርሷም እናቷን አጥታ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ፍቅርም አለበት። ነገር ግን ሐዘንተኛዋ ይህን ስታነብ ለጥቂት ጊዜ የራሷን ሐዘን አስቀምጣ የጸሐፊዋን ሐዘን እንድታስታምም ትገደዳለች። «አይዞሽ፣ አንቺም ተጎድተሽ ነበር» ልትል ይገባታል ማለት ነው። «ስሜትሽ ይገባኛል» የሚለውም እንዲሁ ነው። የእናት ሞት ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዷ እናቷን ሦስት ዓመት አስታምማ ትቀብራለች፣ ሌላዋ ጠዋት ስልክ አውርታ ማታ ትረዳለች። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ የእናታችሁን ነገር ብታነሡ ያጽናናል። በካርድ ላይ ግን ቦታው አይደለም።

አራተኛው፣ ሁላችንም እንግዶች መሆናችንንና ከሞት የሚቀር አለመኖሩን የሚናገረው፣ ለማንም ሰው በማንኛውም ለቅሶ ሊጻፍ የሚችል ነው። ሐዘንተኛዋም ይህን አላጣችውም፤ ድንኳን ውስጥ የገባ ሁሉ ይነግራታል።

ስድስተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በእኛ በአማኞች ዘንድ እጅግ የተለመደው እርሱ ነውና። «ለበጎ ነው፣ አታልቅሺ፣ ጠንካራ ነሽ።» ትምህርቱ ስሕተት ነው አልልም። የምለው ቀኑ አይደለም ነው። እናቷን በቀበረች ማግሥት «ለበጎ ነው» የሚለው ቃል የሚሰማት እንደ ተግሣጽ ነው፤ ካለቀሰች እምነቷ የጎደለ ይመስላታል። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ አልቅሷል፤ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን አንብቡት። የኢዮብም ባልንጀሮች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ማንም አልነቀፋቸውም፤ ነገሩ የተበላሸው ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። «ለወንድሞችሽ መጽናኛ መሆን ይገባሻል» የሚለው ደግሞ በሐዘን ላይ ሥራ መጨመር ነው። እርሷ ታላቅ እኅት እንደሆነች ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

ሰባተኛው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኅታችን እንደ ነገረችን ሐዘንተኛዋ ወንጌላዊት ብትሆንም እናቷ ግን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ፤ ወንድሞቿም ግማሹ በዚያ፣ ግማሹ በዚህ ናቸው። በእንደዚህ ያለ ቤት አንዱ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ሌላው ይህን አይልም፤ አንዱ ሌላውን እያየ ዝም ይላል። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አጎትም አክስትም ያዩታል። ስለ ሟቿ ሁኔታ የሚናገር ማንኛውም ቃል በዚያ ሰዓት የክርክር በር ይከፍታል። «ደስ ሊለን ይገባል» የሚለውማ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ቢነበብ እንዴት እንደሚሰማ ገምቱት። ስለዚህ ካርዱ ለሕያዋን ብቻ ይናገር። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው ቃል በሁለቱም ወገን ይባላል፤ ማንንም አያስቀይምም። ሙስሊም ጎረቤት ላላችሁ ደግሞ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ማለት ይቻላል።

ስምንተኛው «የሚያስፈልግሽ ነገር ቢኖር ንገሪኝ» የሚለው መልካም ልብ ነው። ነገር ግን ሐዘንተኛ ሰው አስቦ፣ መርጦ፣ ደውሎ «ይህን አምጪልኝ» አይልም። እኅታችን ይህን ከካርዱ አውጥታ በሥራ እንድትተካው መከርናት፤ እርሷም ቅዳሜ አዲስ አበባ ስትገባ እንጀራና ወጥ ይዛ ለመሄድ ወሰነች። ይህን ማስታወቅ አያስፈልግም፤ ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

እንግዲህ የቀሩት አምስተኛውና ዘጠነኛው ናቸው። አምስተኛው በጠቅላላው መልእክት ውስጥ ከዚህች እኅት በቀር ማንም ሊጽፈው የማይችለው ብቸኛው ዐረፍተ ነገር ነው። ስኒው፣ ክዳኑ፣ ከልምምድ መልስ ያለው ምሽት፣ ሁሉም በውስጡ አለ። እማማ ደግ ነበሩ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ ብሎ መጻፍ አያስፈልግም፤ የተሸፈነው ስኒ ይናገራል። ለቅሶ ቤት ሁሉም ሰው ስለ ሞት ሲያወራ፣ ስለ ሟቿ ሕይወት አንድ ነገር የሚያነሣ ሰው ለሐዘንተኛው ስጦታ ያመጣል። ምናልባት ልጅቷ ያንን ስኒ ረስታው ይሆናል። ከመካከል ተደብቆ የነበረውን ይህን ዐረፍተ ነገር ወደ ፊት አመጣነው። ብቻውን ቢሆን ግን ሐዘን መሆኑ አይታወቅም ነበርና ከሐዘኑ ጋር አንድ አደረግነው። እንዲህ ሆነ፤

ከልምምድ ስንመለስ
አንድ ስኒ ቡና ሸፍነው
ያቆዩልኝ የነበሩትን እማማን
በማጣታችን ከልቤ አዝኛለሁ።

እግዚአብሔር አንቺንና
ወንድሞችሽን ያጽናችሁ።

ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ 16 ቃላት። «በማጣታችሁ» ሳይሆን «በማጣታችን» ማለታችንን አስተውሉ። በእኛ አገር ሐዘን የቤቱ ብቻ አይደለም፤ ቡናቸውን የጠጣ ሰው «አጣን» ቢል ድፍረት አይሆንበትም። እማማን በአካል የማያውቃቸው ሰው ግን «እናትሽን በማጣትሽ» ይበል፤ ያልነበረ ቅርበት ቶሎ ይታወቃልና።

ትውስታ የሌለው ሰው ምን ይጻፍ? የሥራ ባልደረባችሁ አባት ቢሞቱና ባታውቋቸው፣ ባልደረባችሁ ስለ አባቱ የነገራችሁ ነገር አለ። «ስለ አባትህ ባወራህ ቁጥር ትስቅ ነበር» የሚል ቃል እውነት እስከ ሆነ ድረስ ይበቃል። እርሱም ከሌለ ሐዘናችሁንና ጸሎታችሁን ብቻ ጻፉ። የፈጠራችሁት ትውስታ ግን አይግባ።

አሁን ስለ መልኩ። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ቀጭን አይደለም፤ ሰፊ ነው፣ ሙሉውን የመስመር ከፍታ ይይዛል። ሲያንስ «ጽ» እና «ሕ»ን የመሳሰሉት ፊደላት ቀለማቸው ተጠጋግቶ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ከላይ ያለው ካርድ ስድስት መስመር ነው፤ ረጅሙ መስመር ክፍተቱን ጨምሮ 17 ፊደል ነው። በዚህ ልክ ፊደሉ ጎልቶ ይታያል። የመጀመሪያውን 83 ቃል በዚሁ የፊደል መጠን ብንጽፈው ከ20 መስመር በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ፊደሉ ማነስ ግድ ይሆንበታል። በሥዕል ላይ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ስልኩ ላይ «ፊደል አጉላ» ተብሎ ቢታዘዝም አያድግም። መልእክት መላኪያዎቹም ሥዕሉን አሳንሰውና ጨምቀው ስለሚያስተላልፉት የደቀቀው ፊደል ይበልጥ ይደበዝዛል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ካርዱን በመጀመሪያ ለራሳችሁ ወይም ለቤተሰብ ሰው ላኩት፤ ሳትከፍቱት፣ ስልኩን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ይዛችሁ አንብቡት። ካልተነበበ መነጽር ለረሱ አክስት አይነበብም።

መስመሩን የምትሰብሩት ትንፋሽ በሚወሰድበት ቦታ ይሁን። «በማጣታችን ከልቤ» ብሎ ቆሞ «አዝኛለሁ»ን ብቻውን ወደ ታች መጣል አያምርም። መደቡ ፈዘዝ ያለ አንድ ቀለም፣ ጽሑፉ ጥቁር ይሁን፤ የሚያብለጨልጭ ጽጌረዳ ለልደት ይቆይ። የሟቿን ፎቶግራፍ ቤተሰቡ ራሱ ካላወጣው በቀር አታስገቡ። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ መጨመር የሚወድም አለ፤ እኔ ቦታ ከተረፈ ምዕራፉን ብቻ ከሥር በትንሹ መጻፍ ይበቃል ባይ ነኝ። እዚህም ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «መዝሙር 23» ብላችሁ ስለ እረኛው የሚናገረውን አስባችሁ ትልካላችሁ፤ በቤቱ ያሉት ግን የሚያነቡት ዳዊት በግእዙ አቈጣጠር ከሆነ ያ መዝሙር 22ኛው ነው፣ 23ኛውን ቢገልጡ ሌላ መዝሙር ያገኛሉ። እንዲህ ባለ ቤት ቁጥሩን ትቶ «የእረኛው መዝሙር» ማለት ይሻላል።

ከሌላ ሰው የመጣላችሁን ካርድ እንዳለ የምታስተላልፉ ደግሞ አሠሪ ቃሉን ተመልከቱ። «ያጽናህ» የሚል ካርድ ለእኅት ሲደርሳት ካርዱ ለሌላ ሰው የተሠራ መሆኑ በአንድ ፊደል ይጋለጣል። ለአማቶቻችሁ፣ ለአዛውንት ወይም ለአገልጋዮች «እርስዎንና ቤተሰብዎን ያጽናችሁ» ይሁን። የምታከብሯቸውን ሰው በሐዘናቸው ቀን አንተ ማለት ይታወስባችኋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን ሰዓቱ ነው። በአገራችን መርዶ የሚነገረው በሥርዓት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌና ወዳጅ ተሰብስቦ ማለዳ ሄዶ፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ ይዞ ነው። በተለይ ልጅ ውጭ አገር ከሆነ፣ አሜሪካም ይሁን ቤይሩት፣ ቤተሰቡ እዚያ ያሉ ወዳጆቹን አስተባብሮ እስኪያረዱት ድረስ አንድ ሁለት ቀን ሊያልፍ ይችላል። በዚያ መካከል «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚል ካርድ ቢደርሳት መርዶውን የነገራት ስልክ ሆነ ማለት ነው፤ ምናልባት አውቶቡስ ላይ፣ ምናልባት ብቻዋን። ስለዚህ የቅርብ ዘመድ ደውላችሁ «ተረድታለች ወይ?» ሳትሉ ምንም አትላኩ። አንዷ ልጅ መረዳቷ ሌላዋ ተረድታለች ማለት አይደለም፤ ስለ እያንዳንዳቸው ለይታችሁ ጠይቁ። በዚሁ ምክንያት በቡድን መገናኛ ላይ ካርድ አትለጥፉ። በኳየሩ ቡድን ውስጥ የሐዘንተኛዋ የአክስት ልጅ ልትኖር ትችላለች። ለራሷ ለብቻዋ ይላክ።

በአንድ ከተማ እየኖሩ ካርድ ልኮ መቅረት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ዕድሩ ስም ባይጠራ እንኳ ሐዘንተኛ ማን እንደ መጣና ማን እንዳልመጣ ያውቃል። ካርዱ ለሩቅ ሰው ነው፤ ወይም ቅዳሜ እስኪደርስ ለሚጠብቅ ሰው።

እኅታችን ካርዱን ከላከች በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረላት። የሐዘንተኛዋ ታናሽ ወንድም የሚኖረው ገጠር ነው፤ የያዘው ስልክ ባለ ቁልፉ ስለሆነ ሥዕል አይቀበልም። እንደነዚህ ላሉት አጭር የጽሑፍ መልእክት አለ። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ የሚይዘው አንድ መልእክት በእኛ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፤ ክፍተቱም ነጥቡም እንደ አንድ ይቈጠራል። ከ70 ካለፈ ስልኩ ራሱ ይከፋፍለዋል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል፤ ሒሳቡም እንደ ክፍሎቹ ብዛት ነው። የመጀመሪያው ረጅም መልእክት በዚህ መንገድ ቢላክ ከአምስት ክፍል በላይ ይሆን ነበር፤ ኔትዎርክ ደካማ በሆነበት ቦታ አንዱ ክፍል ዘግይቶ ሌላው ሊቀድም ይችላል። አጭሩ ግን በ91 ያልቃል። ለወንድሟ ስለሆነ ጥቂት ለወጥነው፤ «ከእኅትህ ጋር ከልምምድ ስንመለስ አንድ ስኒ ቡና ሸፍነው ያቆዩልኝ የነበሩትን እማማን በማጣታችን ከልቤ አዝኛለሁ። እግዚአብሔር ሁላችሁንም ያጽናችሁ።» 93 ሆነ። በሁለት ክፍል እስከ 134 ስለሚሄድ 41 ፊደል ይተርፋል። እዚያ ላይ ስሟንና ከየት እንደሆነች ትጻፍበት፤ ወንድሟ ስልክ ቁጥሯን ላይዘው ይችላልና።